ስልሳው ፍሬም የት ይቀራል? በ4ኬ ቴሌቪዥን ኬብል፣ ፖርትና ሴቲንግ ላይ የተደረገ ዳሰሳ

4ኬ ቴሌቪዥን ከኮምፒውተር ወይም ከጨዋታ ማሽን ጋር በኤችዲኤምአይ ይያያዛል። ምስሉ ይመጣል፣ ጥራቱም የሚጠበቀው ነው። የማሳያ ምርጫው ሲከፈት ግን 3840 በ2160 የሚለው መስመር 30 ሄርዝ ላይ ያበቃል፤ 60 የሚባል ነገር የለም። የማውሱ ቀስት እጅን እየዘገየ ይከተላል፤ ገጽ ሲንሸራተት ጽሑፉ ይዘላል። በሌላ ቤት ደግሞ 60 በዝርዝሩ ውስጥ አለ፣ ሲመረጥ ግን ስክሪኑ ይጠቁራል፣ ወይም በየደቂቃው ለአፍታ ጠፍቶ ይመለሳል።

ሁለቱም ሰዎች ችግራቸውን በአንድ ዓረፍተ ነገር ይናገራሉ፤ «4ኬ በ60 አልሠራ አለኝ» ይላሉ። መልስ ሰጪውም እንደ ልምዱ ነው የሚመልሰው። አንዱ ኬብሉን ቀይር ይላል፣ ሌላው ፖርቱን፣ ሦስተኛው በቴሌቪዥኑ ሜኑ ውስጥ የተደበቀ ማብሪያ አለ ይላል። ሦስቱም ልክ የሚሆኑበት ጊዜ አለ። ክርክሩ እልባት ያጣው አንድ ስም የተሰጣቸው ሁለት የተለያዩ ብልሽቶች ስላሉ ነው። አንደኛው ምርጫው ጭራሽ አለመቅረቡ ነው፤ ሁለተኛው ምርጫው ቀርቦ አለመጽናቱ ነው። ይህ ልዩነት ከተያዘ ከሦስቱ ተጠርጣሪዎች የትኛው የት እንደሚገባ ለመለየት አይከብድም።

የ30 ጣሪያ ከየት መጣ

ኤችዲኤምአይ በ2002 መጨረሻ (ዘመኑ ሁሉ እ.ኤ.አ. ነው) ሲወጣ 4ኬ ለመኖሪያ ቤት የታሰበ ነገር አልነበረም። 4ኬ ወደ ደንቡ የገባው በ2009 በወጣው 1.4 እትም ነው፤ በዚያ እትም የተፈቀዱት ፍጥነቶች 24፣ 25 እና 30 ብቻ ነበሩ። ለፊልም ተመልካች ይህ በቂ ነው፤ ሲኒማ በሰከንድ 24 ፍሬም ስለሚቀረጽ 30 ላይ የቆመ መስመር ምንም አያጎድልበትም። የሚጎድልበት ኮምፒውተር የሚያያይዝ፣ ጨዋታ የሚጫወትና ስፖርት የሚከታተል ሰው ነው። አንዱ ወገን «ችግር የለም» ሲል ሌላው «አይታይም» የሚለው አንዳንዴ ከዚህ የተነሳ ነው።

60 የተጨመረው በመስከረም 2013 በወጣው 2.0 እትም ነው። የመሰኪያው ቅርጽ አልተለወጠም፤ አስራ ዘጠኙ ፒኖችም እንደነበሩ ናቸው። ተጠቃሚው ከውጭ አይቶ የሚለየው ምንም ምልክት የለም። የዛሬው ግራ መጋባት ግማሹ ከዚህ ውሳኔ ይመዘዛል፤ አሮጌውና አዲሱ በአንድ ቀዳዳ ይገባሉ፣ ሁለቱም ምስል ያሳያሉ፣ ልዩነቱ የሚታየው ፍጥነቱ ሲጠየቅ ብቻ ነው።

የልዩነቱን መጠን አንድ ስሌት ያሳያል። ስክሪኑ ላይ የሚታየው 3840 በ2160 ቢሆንም በኬብሉ የሚያልፈው ፍሬም በዙሪያው ባዶ ጊዜ ስለሚጨመርበት 4400 በ2250 ይሆናል። ያ በ60 ሲባዛ በሰከንድ 594 ሚሊዮን ፒክስል፣ በባለሙያዎች አነጋገር 594 ሜጋሄርዝ ነው። በ30 ግን 297 ብቻ ነው። የ1.4 እትም ጣሪያ 340 ስለነበር 297 በምቾት ይገባል፣ 594 ግን በምንም መንገድ አይገባም። በጥሬ ቢት ሲቆጠር 60ው ወደ 17.8 ጊጋቢት በሰከንድ ይደርሳል። የ1.4 ጣሪያ 10.2 ነበር፣ የ2.0 ደግሞ 18 ነው።

እግረ መንገዳችንን አንድ የተለመደ ስሕተት እናርም። 60 እምቢ ሲል 50ን የሚሞክሩ ሰዎች አሉ፤ ቀለል ይላል ብለው ነው። አይቀልም። በ50 የሚላከው ፍሬም ባዶ ጊዜው ስለሚሰፋ 5280 በ2250 ይሆናል፣ ውጤቱም ያው 594 ነው። ለኬብልና ለፖርት 50 እና 60 አንድ ናቸው።

በመሐል የተገኘው አቋራጭ

2.0 የሚችል ሃርድዌር ገበያውን ሳይሞላ አንድ ብልሃት ተገኘ። የሰው ዓይን ብርሃንን የሚለየውን ያህል ቀለምን አይለይም። ስለዚህ የእያንዳንዱን ፒክስል ብርሃን ሙሉ በሙሉ እየላኩ ቀለሙን ግን አራት ፒክስሎች እንዲጋሩት ማድረግ ይቻላል። ይህ አሠራር 4:2:0 ይባላል፤ መረጃውን በግማሽ ስለሚቀንሰው 594ቱ ተመልሶ 297 ይሆናል። ኤንቪዲያ በ2014 ለኬፕለር ትውልድ ካርዶቹ በሶፍትዌር ማሻሻያ ብቻ 4ኬን በ60 ያስወጣው በዚህ መንገድ ነው፤ ካርዶቹ የተሠሩት ለ1.4 ነበር።

ለቪዲዮ ይህ የሚያስከፋ አይደለም፤ ፊልሙ ራሱ በዲስክም በኢንተርኔትም የሚመጣው በ4:2:0 ነውና። ለኮምፒውተር ግን ይጎዳል። ቀይ ጽሑፍ በጥቁር መደብ ላይ ሲጻፍ ጠርዙ ይደበዝዛል፤ ቀጫጭን ባለቀለም መስመሮች ይቀላቀላሉ። አንድ ቴሌቪዥን «4ኬ በ60 ይቀበላል» ሲባል አባባሉ ሙሉውን ቀለም ይሁን የተቆጠበውን አይናገርም። ሁለቱም እውነት ናቸው፣ አንድ ግን አይደሉም። ካርቶን ላይ ያለውን ጽሑፍ ይዞ ከሻጭ ጋር የሚከራከር ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚሸነፈው በዚህ ነጥብ ነው።

ኬብሉን የሚከሱ

የኬብል ክርክር ሥሩ በራሱ በ2.0 አወጣጥ ላይ ነው። ያኔ የተሰጠው ማብራሪያ አዲሱ እትም አዲስ ኬብል እንደማይጠይቅ፣ ቀድሞ «ሃይ ስፒድ» የተባለው ደረጃ 18 ጊጋቢቱን እንደሚሸከም የሚገልጽ ነበር። ነገር ግን ሃይ ስፒድ ኬብል ፋብሪካ ውስጥ የሚፈተነው እስከ 340 ሜጋሄርዝ ነበር። ከዚያ በላይ ያለውን ጥሩ ኬብል ይችለዋል፣ ደካማው አይችለውም፤ ማሸጊያው ላይ ግን ሁለቱም አንድ ስም ይዘዋል። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ2015፣ «ፕሪሚየም ሃይ ስፒድ» የሚባል የምስክር ወረቀት ፕሮግራም መጣ፤ ኬብሉ በእውነት በ18 ጊጋቢት ይፈተናል፣ ማሸጊያውም ላይ በስልክ የሚቃኝ መለያ ይለጠፍበታል። ያ ፕሮግራም የመጀመሪያው ማብራሪያ ሙሉ እንዳልነበረ በተዘዋዋሪ የተሰጠ ምስክርነት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ስለዚህ «ማንኛውም ኬብል ይሠራል፣ ዲጂታል ነው» የሚለውም፣ «አዲስ ኬብል የግድ ነው» የሚለውም ከፊል ማስረጃ አላቸው። አንድ ሜትር ተኩል የሆነ፣ በደንብ የተሠራ የ2010 ሃይ ስፒድ ኬብል 4ኬን በ60 ያለ እንከን ሊያሳልፍ ይችላል። አምስት ሜትር የሆነ፣ ሽቦው የቀጠነ፣ ስሙ ግን ያው የሆነ ኬብል ላያሳልፍ ይችላል። ርዝመትና የሽቦ ውፍረት ከዋጋም ከወርቅ ቅብም ይበልጣሉ። ወርቁ ዝገት ይከላከላል፣ ፍጥነት ግን አይጨምርም።

ኬብል ላይ «2.0» ወይም «2.1» ተብሎ የሚጻፈው ቁጥር ደግሞ ሌላ ነገር ነው። የእትም ቁጥር ለመሣሪያ ነው፤ ለኬብል ያለው ደረጃ ነው። የኤችዲኤምአይ ፈቃድ ሰጪው አካል በኬብል ላይ የእትም ቁጥር መጠቀምን ከልክሏል። እንዲህ ያለ ቁጥር የተጻፈበት ኬብል መጥፎ ነው ማለት አይደለም፤ ግን ቁጥሩ ምንም ፈተና አላለፈም።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚዘለል ነጥብ አለ። ተራ የመዳብ ኬብል ስለ ራሱ የሚናገረው ነገር የለውም። ውስጡ አቅሙን የሚገልጽ ቺፕ የለም፤ ኮምፒውተሩ ኬብሉን «ስንት ትችላለህ» ብሎ አይጠይቅም። ስለዚህ በ18 ጊጋቢት ዓለም ውስጥ ደካማ ኬብል 60ን ከዝርዝሩ አያወጣም። ዝርዝሩ ሙሉ ሆኖ ይቀርባል፤ ሲመረጥ ነው ብልሽቱ የሚታየው። መጀመሪያ እንደ በረዶ ብናኝ ብልጭ ብልጭ የሚሉ ነጠብጣቦች፣ ከዚያ አግድም መስመሮች፣ ከዚያ የሚቆራረጥ ምስል፣ በመጨረሻም ጨለማ ይመጣል። ወደ 30 ሲመለስ ሁሉም ይረጋጋል። ይህ የኬብል ፊርማ ነው። በዝርዝሩ ውስጥ 60 ሳይኖር ኬብል የሚገዛ ሰው ገንዘቡን የሚከፍለው ላልተጠየቀ ጥያቄ ነው።

አንድ ማሻሻያ ያስፈልጋል። በኬብሉ ውስጥ ከምስሉ ተለይተው ሁለቱን መሣሪያዎች የሚያነጋግሩ ቀጫጭን ሽቦዎች አሉ። እነሱ ከተበጠሱ ኮምፒውተሩ የቴሌቪዥኑን ማንነት ጭራሽ አያነብም፤ ያኔ የሚጠፋው 60 ብቻ ሳይሆን 4ኬም ጭምር ነው፣ ዝርዝሩ ዝቅተኛ በሆኑ አሮጌ መጠኖች ላይ ይቆማል። 4ኬ በ30 እየቀረበ 60 ብቻ ከጎደለ ግን እነዚያ ሽቦዎች ይሠራሉ ማለት ነው።

የፖርት ምልክቶች ምን ይላሉ፣ ምን አይሉም

ከቴሌቪዥን ጀርባ ያሉ ፖርቶች እኩል ይመስላሉ፤ አብዛኛውን ጊዜ አይደሉም። በመጀመሪያዎቹ 4ኬ ቴሌቪዥኖች ከሦስትና ከአራት ፖርቶች ሙሉውን 18 ጊጋቢት የሚቀበሉት አንዱ ወይም ሁለቱ ብቻ ነበሩ። ፈጣን መቀበያ ቺፕ ውድ ስለነበር አምራቾች ቆጠቡ። በብዙ የሶኒ ሞዴሎች ለምሳሌ ከአራቱ ፖርቶች 2ኛውና 3ኛው ብቻ ነበሩ ፈጣኖቹ፤ 1ኛውና 4ኛው ሰው መጀመሪያ የሚሰካባቸው ሆነው ሳለ።

ምልክቶቹን በሁለት መክፈል ይጠቅማል። ስለ ፍጥነት የሚናገሩ አሉ፤ «4ኬ 60 ሄርዝ» ወይም በአዲሶቹ ላይ «4ኬ 120 ሄርዝ» የሚሉት። ስለ ፍጥነት ምንም የማይናገሩ ደግሞ አሉ፤ ሰው ግን እንደሚናገሩ ይቆጥራቸዋል። «ኤአርሲ» የሚለው ከዚህ ይመደባል፤ የቴሌቪዥኑ ድምፅ በዚያው ኬብል ተመልሶ ወደ ስፒከር የሚሄድበት መንገድ መኖሩን ብቻ ይገልጻል። «ኢኤአርሲ»ም የዚያው የድምፅ መንገድ የሰፋ ዓይነት ነው። «ዲቪአይ» የሚለው ከአሮጌ ኮምፒውተር ጋር ለመያያዝ የተለየ ፖርት ነው። ሦስቱም ስለ 60 ዝም ይላሉ።

ከሁሉም የሚያሳስተው «ኤችዲሲፒ 2.2» ነው። ቁጥሩ 2.2 ስለሆነ ከ2.0 የሚበልጥ ይመስላል። ይህ ግን የቅጂ መከላከያ ቁልፍ ነው፤ ያለ እሱ የተጠበቀ 4ኬ ፊልም አይከፈትም። ከፍጥነት ጋር ተያይዞ እንዲመጣ የሚያስገድድ ነገር አልነበረም። በ2014 አካባቢ ለገበያ ከቀረቡ የቤት ሲኒማ አምፕሊፋየሮች መካከል ቁልፉ ኖሯቸው ፍጥነታቸው 10.2 ላይ የቆመ ነበሩ፤ ፍጥነቱ 18 ሆኖ ቁልፉ የሌላቸውም ነበሩ። ሁለቱም ሳጥናቸው ላይ 4ኬ በ60 ይሉ ነበር።

የፖርት ጥያቄ በላኪው በኩልም መነሳት አለበት፤ አብዛኛው ክርክር ግን ቴሌቪዥኑን ብቻ ይመለከታል። ራስበሪ ፓይ 4 የተባለችው ትንሽ ኮምፒውተር ሁለት ማይክሮ ኤችዲኤምአይ ፖርቶች አሏት፤ 4ኬን በ60 የምታወጣው ግን በኃይል መሰኪያው በኩል ባለው ብቻ ነው፤ ያም ቢሆን በማስጀመሪያ ፋይሏ ውስጥ ይህ መስመር ሲጻፍ ነው።

```
hdmi_enable_4kp60=1
```

ላፕቶፕ ላይ የሚሰኩ የዩኤስቢ ሲ ሃቦችም እንዲሁ ናቸው። ሃቡ ከአራቱ የመረጃ መስመሮች ሁለቱን ለፈጣን ዩኤስቢ ከያዘ ለምስል የሚቀሩት ሁለቱ በተለመደው የፍጥነት ደረጃ 8.64 ጊጋቢት ይሸከማሉ። ያ ለ30 እንጂ ለ60 አይበቃም። ቴሌቪዥኑም ኬብሉም ንጹሕ ሆነው ማሳያው 30 ላይ የሚቀርበት ይህ አራተኛ ተጠርጣሪ ብዙ ጊዜ ሳይጠየቅ ያመልጣል።

የተደበቀው ማብሪያ

ማንኛውም ኤችዲኤምአይ ቴሌቪዥን ሲሰካ ለላኪው መታወቂያ ያቀርባል። መታወቂያው ኢዲአይዲ ይባላል፤ የትኞቹን መጠኖች፣ ፍጥነቶችና የቀለም ዓይነቶች እንደሚቀበል የሚዘረዝር አጭር ሰነድ ነው። ላኪው ምርጫውን የሚያቀርበው ይህን ካነበበ በኋላ ነው። እንግዲህ ፈጣኑ ፖርት ሁለት መታወቂያ አለው። አንደኛው ራሱን እንደ 1.4 የሚያስተዋውቅበት ነው፣ ጣሪያው 300 ሜጋሄርዝ። ሁለተኛው 600 የሚልበት ነው። ማብሪያው የሚወስነው የትኛው እንደሚቀርብ ነው።

ቴሌቪዥኖች ብዙዎቹ ከፋብሪካ የሚወጡት ዝቅተኛውን መታወቂያ ይዘው ነው። ማብሪያው በሶኒ `Enhanced format` ይባላል፤ በሳምሰንግ መጀመሪያ `HDMI UHD Color` ነበር፣ ኋላ `Input Signal Plus` ሆነ፤ በኤልጂ `HDMI ULTRA HD Deep Colour` ነው። ስሞቹ አንዳቸውም 60 የሚል ቃል የለባቸውም። የሁለቱ ኩባንያዎች ስያሜ እንዲያውም ስለ ቀለም የሚናገር ይመስላል፤ ፍጥነት የጎደለበት ሰው ቢያየውም ያልፈዋል። ደግሞ ማብሪያው ለእያንዳንዱ ፖርት ለብቻው ስለሆነ ኬብሉን ወደ ሌላ ፖርት ያዛወረ ሰው ሁሉን እንደገና መጀመር አለበት።

ለምን ተደበቀ? የአምራቾቹ ምክንያት ባዶ አይደለም። የረዘመውን መታወቂያ በትክክል ማንበብ የማይችሉ አሮጌ ዲኮደሮችና የዲስክ ማጫወቻዎች አሉ፤ አዲሱ ሲቀርብላቸው ምስልም ድምፅም ያጣሉ። ከ340 ሜጋሄርዝ በላይ ሲኬድ አሠራሩም ይለወጣል። መረጃው እየተበጠበጠ ይላካል፣ የሰዓት ምልክቱም ወደ አንድ አራተኛ ይወርዳል፣ ይህ መጀመሩን ሁለቱ ወገኖች በቀጭኑ ሽቦ ይስማማሉ። በመሐል የገባ አሮጌ ማከፋፈያ ይህን ስምምነት ካላሳለፈ ውጤቱ ጨለማ ነው። ምንም ምስል ያላገኘ ገዢ ቴሌቪዥኑን ይመልሳል፤ 60 ያላገኘ ገዢ ግን ብዙ ጊዜ እንደጎደለው እንኳ አያውቅም። በንግድ ዓይን ሲታይ ዝቅተኛውን መምረጥ ስሌት አለው።

ተቃዋሚዎቹ ደግሞ ሰውየው የከፈለበት ነገር ተዘግቶ መሸጡን ይቃወማሉ፤ ቢያንስ ላኪው 60 የሚችል ሆኖ ሲገኝ ቴሌቪዥኑ ማሳወቅ አለበት ይላሉ። በዚህ በኩል ሚዛኑ ወደ እነሱ ያደላል። አዳዲስ ሞዴሎች ላይ የታወቀ የጨዋታ ማሽን ሲሰካ ማብሪያውን በራሳቸው የሚያበሩ ወይም የሚጠይቁ መኖራቸው ችግሩ ሊፈታ ይችል እንደነበር ያሳያል።

ማብሪያው የሚሠራው በእርግጥ መታወቂያውን በመለወጥ ለመሆኑ ጥሩ ማስረጃ የሰጠው በ2016 የወጣው ፕሌይስቴሽን 4 ፕሮ ነው። ማሽኑ በምስል ሴቲንጉ `2160p - RGB` እና `2160p - YUV420` የሚሉ ሁለት ምርጫዎች ነበሩት። ማብሪያው በጠፋባቸው ቴሌቪዥኖች ሁለተኛው ብቻ ይገኝ ነበር፤ ይህም ከላይ ያየነው የቀለም ቁጠባ ነው፣ በ297 የሚያልፈው። ማብሪያው ሲበራ የመጀመሪያውም ተከፈተ። ኬብሉ አልተነካም፣ ፖርቱም ያው ነው።

አንድ ጉዳይ ከነዝርዝሩ

እንዲህ ያለ ሁኔታ እንውሰድ። ሊኑክስ የሚሠራ ኮምፒውተር አለ፣ ካርዱ 4ኬን በ60 በኤችዲኤምአይ ያወጣል። አራት ፖርት ካለው ቴሌቪዥን ጋር ሦስት ሜትር ርዝመት ባለው፣ «ሃይ ስፒድ» በሚል ኬብል ተያይዟል። `xrandr` ሲጻፍ ከመጠኖቹ ዝርዝር የመጀመሪያው መስመር እንዲህ ይላል፤

```
3840x2160  30.00  25.00  24.00
```

60 አልቀረበም። ስለዚህ ኬብሉን ለጊዜው እንተወዋለን። የሚጠየቀው መታወቂያው ነው፣ የሚነበብበትም ትእዛዝ አለ። የካርዱና የፖርቱ ቁጥር ከማሽን ማሽን ይለያያል።

```
edid-decode /sys/class/drm/card0-HDMI-A-1/edid
```

ከሚወጣው ረጅም ጽሑፍ ሁለት ነገር ብቻ ይፈለጋል። `Maximum TMDS clock: 300 MHz` የሚለው ብቻ ካለ ፖርቱ ራሱን እንደ 1.4 እያስተዋወቀ ነው። `HDMI Forum` የሚል ክፍል ኖሮ በሥሩ `Maximum TMDS Character Rate: 600 MHz` ካለ ግን ቴሌቪዥኑ ድርሻውን ተወጥቷል፣ ጥያቄው ወደ ካርዱ ይዞራል። በእኛ ጉዳይ የተገኘው 300 ብቻ ነው።

በቴሌቪዥኑ ሜኑ ውስጥ ተገብቶ የዚያ ፖርት ማብሪያ ይበራል። ስክሪኑ ለአፍታ ይጠቁራል፤ ፖርቱ ተነቅሎ እንደገና የተሰካ መስሎ አዲሱን መታወቂያ እያቀረበ ነው። ማብሪያው ለዚህ ፖርት ከሌለ ወይም ደብዝዞ የማይነካ ከሆነ ፖርቱ ዘገምተኛ ነው፤ ወደ ሌላው ይዛወራል። የበራ ሆኖ ሳለ መታወቂያው ካልተለወጠ ኬብሉን ነቅሎ መሰካት፣ ካስፈለገም ሁለቱንም ከኃይል ማላቀቅ ይረዳል፤ አሮጌውን መታወቂያ ይዘው የሚቆዩ መሣሪያዎች አሉና። በመሐል አምፕሊፋየር ካለ መታወቂያውን የሚያቀርበው እሱ ነው፣ የራሱም ማብሪያ አለው። አሁን ትእዛዙ ሲደገም 600 ይላል፣ `xrandr`ም 60.00 ያሳያል።

60 ይመረጣል። ምስሉ ይመጣል፣ ነጫጭ ነጠብጣቦች ግን ጨለማ ትዕይንት ላይ ይበራሉ፤ በየጥቂት ደቂቃውም ስክሪኑ ይጠፋል። የኬብሉ ተራ አሁን ደረሰ። ከመግዛት በፊት አንድ ነገር መሞከር ይቻላል፤ 60ን ሳይለቁ የካርዱ ሴቲንግ የሚፈቅድ ከሆነ ቀለሙን ወደ 4:2:0 ዝቅ ማድረግ። ያኔ ነጠብጣቡ ከጠፋ ኬብሉ 297ን ይችላል፣ 594 ግን ከአቅሙ በላይ ነው፤ ምርመራው ተጠናቀቀ። ሁለት ሜትር የሆነ ፕሪሚየም ሃይ ስፒድ ኬብል ሲተካ ምስሉ ይጸናል።

የዚህ ሰው ችግር ሁለቱም ነበር፤ ማብሪያም ኬብልም። ኬብሉን አስቀድሞ ለውጦ ቢሆን ኖሮ ምንም ለውጥ አያይም ነበር፣ «ኬብል አይደለም» ብሎም ይደመድም ነበር። ማብሪያውን ብቻ አብርቶ ቢያቆም ደግሞ ምስሉ ስለተበላሸ «ማብሪያው ያበላሻል» ብሎ ያጠፋው ነበር። አንዱ የሌላውን ምክር ውድቅ የሚያደርጉ ብዙ ምስክርነቶች የሚወለዱት እንዲህ ካሉ ድርብ ችግሮች ነው።

ከ2017 ወዲህ ያልተፈቱ ነጥቦች

በ2017 መጨረሻ የወጣው 2.1 እትም ጣሪያውን ወደ 48 ጊጋቢት አሳደገ፣ «አልትራ ሃይ ስፒድ» የሚባል የኬብል ደረጃም አመጣ። ለ4ኬ በ60 ይህ ሁሉ አያስፈልግም። ቢሆንም ደረጃው ከላይ ያሉትንም ስለሚያካትት ዛሬ አዲስ ኬብል የሚገዛ ሰው የተረጋገጠ መለያ ያለውን አልትራ ቢወስድ አይሳሳትም። ስሕተቱ ያለው በመሣሪያዎቹ ስያሜ ላይ ነው። ፈቃድ ሰጪው አካል 2.0ን የ2.1 ክፍል አድርጎ ስለዋጠው፣ አዲሶቹ ባሕርያትም ግዴታ ስላልሆኑ፣ 18 ጊጋቢት ብቻ የሚቀበል ፖርት «2.1» ተብሎ ሊሸጥ ይችላል። ይህ በ2021 መጨረሻ በይፋ ሲነሳ ብዙዎችን አስቆጥቷል። የተሰጠው መልስ አምራቹ የሚችላቸውን ባሕርያት አብሮ መዘርዘር አለበት የሚል ነበር። በወረቀት ላይ ምክንያታዊ ነው፤ መደርደሪያ ፊት ለቆመ ገዢ ግን የእትም ቁጥሩን ትርጉም አሳጥቶታል።

ሁለተኛው ነጥብ ከላይ «ኬብል ዝርዝሩን አይነካም» ያልነውን ይመለከታል። በ2.1 የመጣው አዲሱ አላላክ ሲሠራ ላኪና ተቀባይ መጀመሪያ ይለማመዳሉ። ከፍተኛውን ፍጥነት ሞክረው ኬብሉ ካልቻለው ወደ ዝቅተኛው ይወርዳሉ። ስለዚህ ለወደፊቱ ደካማ ኬብል ጨለማ ማምጣቱን ትቶ በዝምታ ምርጫ ሊቀንስ ይችላል፤ ያኔ ፊርማውን ከማብሪያው ፊርማ መለየት ይከብዳል። 4ኬ በ60፣ በመደበኛ ቀለም፣ አብዛኛውን ጊዜ አሁንም በአሮጌው መንገድ ስለሚሄድ ደንባችን ገና አልፈረሰም።

ሦስተኛው፣ ኬብሉ ሲፈተን ለተጠቃሚው ይነገረው ወይ የሚለው ነው። አፕል ቲቪ 4ኬ `Check HDMI Connection` የሚል ፍተሻ በሜኑው አስገብቷል፤ ብዙዎቹ ሌሎች የላቸውም። የሚገርመው መረጃው አለመኖሩ አይደለም። 2.0 ራሱ ቴሌቪዥኑ በሦስቱ የምስል መስመሮች ላይ የደረሰውን ስሕተት ለየብቻ የሚቆጥርበት፣ ላኪውም ቁጥሩን የሚያነብበት ቦታ በዚያው ቀጭን ሽቦ አዘጋጅቷል። ነጠብጣቡ ለዓይን ሳይታይ በፊት ቆጣሪው ይሞላል። ያንን ቁጥር ሜኑው ላይ የሚያወጣ ቴሌቪዥን ግን ገበያ ላይ ማግኘት ከባድ ነው።